ስሊፑ ይመለስልን፦ ለባንክ ቅርንጫፋችን ሥራ አስኪያጅ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ
የማኅበራችን ሂሳብ ላለበት ባንክ
ጎንደር

ጉዳዩ፦ የገቢ ስሊፕ የደንበኛ ቅጂ ማህተም ተደርጎበት ለአስገቢው እንዲመለስ ስለመጠየቅ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ እንደምን ሰነበቱ።

ከጥምቀት በኋላ በቅርንጫፉ መግቢያ በር ላይ አንድ ማስታወቂያ ተለጥፎ አገኘን። ከእንግዲህ ገንዘብ ለሚያስገባ ደንበኛ የስሊፑ ቅጂ አይመለስም፣ የሚሰጠው ከማሽን የሚወጣው ትንሹ ደረሰኝ ብቻ ነው ይላል። ምክንያቱን ስንጠይቅ ወረቀት ለመቆጠብ እንደሆነ ተነገረን። ደረሰኙ ላይ ሁሉም ነገር ስላለ ስሊፑ ምን ያደርግላችኋል ተባልን።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ነው። እኔ በቅዳሜ ገበያ የሚነግዱ 143 አባላት ያሉት የቁጠባና ብድር ማኅበር ገንዘብ ያዥ ነኝ። አባሎቻችን የወር ቁጠባቸውንና የብድር ክፍያቸውን በማኅበሩ ሂሳብ በእናንተ መስኮት ያስገባሉ። ከዚያ ወረቀታቸውን ይዘው ወደ እኔ ይመጣሉ። እኔ የማኅበሩን ደረሰኝ ቆርጬ በየስማቸው እመዘግባለሁ። በወሩ መጨረሻ ስቴትመንት አወጣና አንድ በአንድ አመሳክራለሁ። በዚህ ሥራ ላይ እያለሁ ስሊፑ የሚያደርግልንን በደንብ አይቻለሁ።

በቅድሚያ ሦስቱ ወረቀቶች ምን እንደሚናገሩ ልግለጽ። ስሊፑ የአስገቢው ቃል ነው። ለማን ሂሳብ፣ ስንት ብር፣ በየትኛው ቀን አስገባሁ የሚለውን በገዛ እጁ ይጽፍበታል። የብሩን ዝርዝርም ይሞላል፤ ባለ 200 ስንት፣ ባለ 100 ስንት ብሎ። ደረሰኙ ደግሞ ቴለሩ ኮምፒውተሩ ላይ የጻፈውን ያሳያል። ስቴትመንቱ ሂሳባችን ላይ በመጨረሻ ምን እንደደረሰ ይነግረናል።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ደረሰኙና ስቴትመንቱ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሁለቱም የሚወለዱት ቴለሩ ከነካው ቁልፍ ነው። ቴለሩ ከተሳሳተ ሁለቱም እኩል ይሳሳታሉ። ከዚያ እኔ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ባመሳክር ልክ ሆነው አገኛቸዋለሁ። ስህተቱን ሊያሳየኝ የሚችለው በሌላ እጅ የተጻፈው ስሊፕ ብቻ ነው። እናንተ የወሰዳችሁብን እሱን ነው።

ይህ በሐሳብ ብቻ የሚባል ነገር አይደለም። በእኛው ማኅበር የደረሰውን ልንገርዎ።

ኅዳር 12 ቀን 2017 አንዲት ቅቤ ነጋዴ እናታችን የብድር ክፍያ ለማስገባት ወደ ቅርንጫፋችሁ መጡ። ያመጡት 18,500 ብር ነበር። ስሊፑን ልጃቸው ሞላላቸው። ባለ 200 ብር 85፣ ባለ 100 ብር 12፣ ባለ 50 ብር 6። ይደምሩት፤ 17,000፣ 1,200 እና 300። ድምሩ 18,500 ነው። ቴለሩ ብሩን በማሽን ቆጠረ፣ ስሊፑን ማህተም መታ፣ ቅጂውን ከደረሰኙ ጋር በስቴፕለር አያይዞ ሰጣቸው። እሳቸውም አጣጥፈው በመቀነታቸው ቋጥረው ወደ እኔ መጡ።

እኔ ደረሰኝ ልቆርጥላቸው ብዕር አነሳሁ። ከላይ ያለው የማሽኑ ደረሰኝ 15,800 ይላል። ገለጥ አድርጌ ስሊፑን አየሁ፤ 18,500 ይላል። ልዩነቱ 2,700 ነው። ለ9 አካፈልኩት፤ ያለ ቀሪ 300 ወጣ። የሂሳብ ሰው ይህን ያውቀዋል። የሁለት ቁጥሮች ልዩነት ለ9 እኩል ከተካፈለ፣ ብዙ ጊዜ አሃዞች ቦታ ተለዋውጠዋል ማለት ነው። 8 እና 5 ቦታ ተቀያይረው ነበር። ለ9 መካፈሉ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፣ በአጋጣሚም ሊካፈል ይችላል። ግን የት እንደምፈልግ ጠቆመኝ። ከዚያ የብሩን ዝርዝር ደመርኩ። ዝርዝሩ ከ18,500 ጋር ገጠመ። አሁን እርግጠኛ ሆንኩ።

በሩጫ ተመለስን። መስኮቱ ሊዘጋ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ቴለሩ መጀመሪያ "ደረሰኙ ላይ ያለው ነው ልክ" አለን። አይፈረድበትም፣ ኮምፒውተሩ የሚያሳየው ያንኑ ነው። ስሊፑን ሳሳየው ግን ዝም አለ። የዕለቱ ካዝና ሲዘጋ 2,700 ብር ትርፍ ተገኘ። በማግስቱ ገንዘቡ ለብቻው ገባልን። ዛሬ ስቴትመንታችንን ቢያዩ 21 NOV 2024 ላይ 15,800፣ 22 NOV 2024 ላይ 2,700 ተመዝግቦ ያገኙታል።

ያን ቀን ስሊፑ ባይኖር ምን ይሆን ነበር? እኔ ደረሰኙን አይቼ 15,800 እመዘግብ ነበር። በወሩ መጨረሻ ስቴትመንቱም 15,800 ይለኛል። ምልክት አድርጌ አልፍ ነበር። እሳቸው "ያስገባሁት 18,500 ነው" ቢሉ እማኝ የላቸውም። ትርፉ በካዝና ይገኝ ነበር ይሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ይገኛል። ግን የማን እንደሆነ ማን ያውቃል? በዚያን ቀን በዚያ መስኮት ስንት ሰው ገንዘብ አስገብቷል።

ስለ ደረሰኙ ወረቀት አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ወረቀት ቀለም የለውም፣ ጽሑፉ የሚወጣው በሙቀት ነው። ስለዚህ ሙቀት፣ ፀሐይና ቅባት ያጠፋዋል። የላስቲክ መያዣ ውስጥ ቢቀመጥም ይደበዝዛል። እኚያ እናታችን ከሦስት ወር በፊት የተቀበሉትን ደረሰኝ አሳይተውኝ ነበር። ቅቤ የነካው ጎን ነጭ ሆኗል። የቀረው የባንኩ ስምና ግማሽ ቀን ብቻ ነበር። በእስክርቢቶ የተሞላው ስሊፕ ግን ቅቤም ነክቶት ይነበባል። የባለቅቤ፣ የባለበርበሬና የባለዘይት ማኅበር ስለሆንን ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የሂሳብ ቁጥር ነው።

በታኅሣሥ አንድ አባላችን ሱቅ መዝጋት ስላልቻለ 7,000 ብር በጎረቤት ልጅ ላከ። የማኅበሩ ሂሳብ ቁጥር የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች 4637 ናቸው። ልጁ ስሊፑን በትክክል ነው የሞላው። ቴለሩ ግን 4673 ብሎ አስገባው። ያ ቁጥር የሌላ ሰው ሂሳብ ሆኖ ተገኘ። ደረሰኙ ላይ የታተመውም የማኅበራችን ስም ሳይሆን የአንድ ግለሰብ ስም ነበር። ስሙ በላቲን ፊደል ነው የሚታተመው። ልጁ አላነበበውም፤ ብሩ ልክ መሆኑን ብቻ አይቶ ሄደ።

እኔም በዕለቱ አላየሁትም። አባላችን ወረቀቱን ያመጣልኝ ከሳምንት በኋላ ነው። ስቴትመንት ሳወጣ በዚያ ቀን 7,000 የሚባል ገቢ የለም። ወደ እናንተ ስንመጣ መጀመሪያ የተሰጠን መልስ "ቁጥሩን የተሳሳታችሁት እናንተ ናችሁ፣ ባለሂሳቡ ሳይፈቅድ ገንዘቡን ማንሳት አንችልም" የሚል ነበር። ስሊፑን አወጣን። 4637 ተብሎ በግልጽ ተጽፏል፣ የማኅበሩም ስም አለበት፣ የባንኩ ማህተም አርፎበታል። ከዚያ በኋላ ነገሩ የቴለሩ ስህተት መሆኑ ታመነ። ገንዘቡ በ11ኛው ቀን ተመለሰልን።

እውነቱን ለመናገር በተቃራኒውም ደርሶብናል። አንድ አባላችን ራሱ ቁጥሩን አሳስቶ ጽፎ ነበር። ያን ጊዜ ስሊፑ የመሰከረው በእኛ ላይ ነው። የሌላውን ባለሂሳብ ፈቃድ ጠብቀን ከሁለት ወር በላይ ፈጀብን። ቅር አላለንም፣ ጥፋቱ የእኛ ነበር። ለማለት የፈለግሁት ስሊፑ ለእኛ ብቻ አያደላም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይለያል። እናንተንም ያለ ጥፋታችሁ ከመጠየቅ ያድናችኋል።

"የባንኩ ቅጂ ፋይል ውስጥ ስላለ ስትፈልጉ ጠይቁ" የሚል መልስም ሰምተናል። ግን እስኪ ያስቡት። ከሳምንት በፊት የገባን አንድ ስሊፕ ለማስወጣት ደብዳቤ መጻፍ አለብኝ። ከዚያ ፋይሉን የሚፈልግ ሠራተኛ መጠበቅ አለብኝ። ከሁሉ በላይ ግን ስህተት መኖሩን ካላወቅሁ ለመጠየቅስ ምን ያስነሳኛል? የቅቤ ነጋዴዋን ስህተት ያገኘሁት ስሊፑ እጄ ላይ ስለነበር ነው። ፋይል ውስጥ ቢሆን ኖሮ አልጠይቅም ነበር።

ሦስተኛው የቀን ጉዳይ ነው። በዚህ ላይ ትንሽ ረዘም አድርጌ እናገራለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ቀንን እንደ ትንሽ ነገር ያየዋል።

የማኅበራችን የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል። ሰኔ 29 ቀን 2016 ቅዳሜ ነበር። ቅዳሜ ደግሞ ገበያችን የሚደራበት ቀን ነው። ከሰዓት በፊት ከአባላት የሰበሰብኩትን 64,200 ብር ይዤ መጣሁ። "ሲስተም የለም" ተባለ። ቴለሩ ግን ብሩን ቆጥሮ ተቀበለኝ። ስሊፑ ላይ ማህተም መትቶ ሲስተሙ ሲመለስ እናስገባዋለን አለኝ። የማሽን ደረሰኙን የሰጡኝ ሰኞ ነው።

ደረሰኙን ስቀበል የመጀመሪያ ሥራዬ የግብይት ቁጥሩን ማየት ነበር። በእናንተ ደረሰኝ ላይ ይህ ቁጥር TT ብሎ ይጀምራል። ቀጥሎ ያሉት ሁለት አሃዞች የፈረንጆቹ ዓመት ናቸው። ከእነሱ ቀጥለው ያሉት ሦስቱ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ሲቆጠር ስንተኛው ቀን እንደሆነ ይናገራሉ። የእኔ ደረሰኝ TT24190 ብሎ ይጀምር ነበር። የ2024 190ኛው ቀን ጁላይ 8 ነው። በእኛ ሐምሌ 1። ቅዳሜ ቢመዘገብ ኖሮ TT24188 ይሆን ነበር። ስቴትመንቱ ላይም ገንዘቡ የታየው 08 JUL 2024 ተብሎ ነው። እንግዲህ በሰኔ ያስገባሁት ገንዘብ በሐምሌ ገባ ተባለ። በአንድ ቅዳሜ ምክንያት ወደ አዲሱ የበጀት ዓመት ተሻገረ።

የሂሳብ ምርመራ ሲደረግልን ኦዲተሩ ይህን ይዞ ጠየቀኝ። የማኅበሩ መዝገብ በሰኔ 30 ላይ 64,200 ብር ወደ ባንክ ገባ ይላል፣ የባንኩ ስቴትመንት ደግሞ በዚያን ቀን እንዲህ ያለ ገንዘብ የለም ይላል። ይህ ገንዘብ ሁለቱን ቀን የት ነበር? ጥያቄው ተገቢ ነው። በገንዘብ ያዥ እጅ ሁለት ቀን የቆየ ገንዘብ ብዙ ያስጠረጥራል። ያዳነኝ በስሊፑ ላይ ያረፈው የቅዳሜ ቀን ማህተም ነው። ኦዲተሩ አይቶ በመንገድ ላይ ያለ ገቢ ብሎ አስታረቀው። የማሽኑ ደረሰኝ ብቻ በእጄ ቢኖር ወረቀቱ የሚመሰክረው ሰኞ አስገባ ብሎ ነበር። እኔ ደግሞ ቅዳሜ አስገብቻለሁ።

በቀን ጉዳይ ሌላም መደናገር አለ። አባሎቻችን ስሊፑን የሚሞሉት በእኛ አቆጣጠር ነው። ደረሰኙ የሚወጣው በፈረንጆቹ ነው። የቅቤ ነጋዴዋ ስሊፕ 12/03/2017 ይላል፣ ደረሰኙ 21 NOV 2024 ይላል። ሁለቱም አንድ ቀን ናቸው። ግን አንድ ሠራተኛችሁ ስሊፑን እንደ ፈረንጅ ቀን አንብቦ በ2017 ማርች ውስጥ ሲፈልግ አይቼዋለሁ። በሰዓትም እንዲሁ ነው። ደረሰኙ 15:20 ሲል እኛ ከቀኑ 9:20 ነው የምንለው። ስለዚህ አባሎቻችንን "ቀኑን ከግብይት ቁጥሩ ጋር አያይዛችሁ አምጡልኝ" ብያቸዋለሁ። የግብይት ቁጥሩ በሌላም በኩል ያስፈልገኛል። በወር መጨረሻ አርባ ሰው 500 ብር ያስገባል። ስቴትመንቱ ላይ አርባውም አንድ ዓይነት መስመር ነው፤ ማን እንዳስገባው አይናገርም። የማን የትኛው እንደሆነ የምለየው ደረሰኙ ላይ ያለውን ቁጥር ስቴትመንቱ ላይ ፈልጌ ሳገኝ ነው። የአስገቢው ስምና ፊርማ ያለው ደግሞ ስሊፑ ላይ ነው። ሁለቱ ተያይዘው ካልመጡልኝ የአንዷን ቁጠባ ለሌላዋ ልመዘግብ እችላለሁ።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ሠራተኞቻችሁን ለመክሰስ አልጻፍኩም። ቀኑን ሙሉ ብር ሲቆጥር የዋለ ሰው ሁለት አሃዝ ቢቀያይር የሰው ነገር ነው። እኛም ሱቃችን ውስጥ እንሳሳታለን። የከፋን ስህተቱን የምናይበት መነጽር በማስታወቂያ መነሳቱ ነው። ከመወሰናችሁ በፊት አንድ ቀን ጠርታችሁ ብትጠይቁን ይህንኑ በቃል እንነግራችሁ ነበር።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

ማህተም ያረፈበት የስሊፕ ቅጂ ለአስገቢው ይመለስ። ወረቀት መቆጠብ ግድ ከሆነ፣ ቢያንስ የማኅበርና የእድር ሂሳብ ለሚያስገቡ ይመለስ። እኛም የራሳችንን ባለ ሁለት ቅጂ ቅጽ አሳትመን ለማምጣት ዝግጁ ነን፤ ከእናንተ የምንፈልገው ማህተሙን ብቻ ነው።

ቴለሩ ከማጽደቁ በፊት ስክሪኑ ላይ የሚያየውን የባለሂሳቡን ስምና የብሩን መጠን ለአስገቢው ጮክ ብሎ ያንብብለት። የ4673ቱ ስህተት እዚያው መስኮት ላይ ይቀር ነበር። ማንበብ የማይችሉ አባላት አሉን፤ መስማት ግን ሁሉም ይችላሉ።

ሲስተም በሌለበት ቀን ገንዘብ ከተቀበላችሁ፣ በስሊፑ ላይ የተቀበላችሁበት ቀንና ሰዓት በማህተም ይረጋገጥ። በኋላ በሲስተም ስትመዘግቡትም ገንዘቡ የሚታሰብበት ቀን የተቀበላችሁበት ቀን እንዲሆን ይደረግ። ይህ በቅርንጫፉ ደረጃ የማይቻል ከሆነ፣ ገንዘቡን በየትኛው ቀን እንደተቀበላችሁ የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ይሰጠን።

ስቴትመንት በወር አንድ ጊዜ ከሚሰጠን በየሳምንቱ ዓርብ ይሰጠን። የሳምንት ስህተት በሳምንቱ ሲገኝ የዕለቱ ካዝና ገና አይረሳም፣ የቴለሩም ትዝታ ቅርብ ነው።

በዚህ ደብዳቤ የጠቀስኳቸው ስሊፖች፣ ደረሰኞችና ስቴትመንቶች በሙሉ በእጄ ይገኛሉ። በፈለጉት ቀን ይዤ መቅረብ እችላለሁ። ከቅዳሜ በስተቀር፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣

በቅዳሜ ገበያ ነጋዴዎች የቁጠባና ብድር ማኅበር ገንዘብ ያዥ
ጎንደር፣ የካቲት 2017 ዓ.ም.